ቀብድ መቼ ነው «ገቢ» የሚሆነው?

ጥያቄ፦ የቤት ዕቃ መሸጫ ሒሳብ እይዛለሁ። ደንበኛ የሰጠንን ቀብድ «ገቢ» ብዬ መዘገብኩ፤ ኦዲተሩ ሰረዘው። ብሩ ባንክ ገቢ ሆኖ ሳለ እንዴት ገቢ አይደለም ይባላል?

መልስ፦ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የቃሉም ነው። «ገቢ» ከ«ገባ» የወጣ ነው፤ በመነሻው አቅጣጫን ብቻ ይናገራል። ገቢ ደብዳቤ፣ ገቢ ዕቃ ስንል ከውጭ ወደ ውስጥ መጣ ማለታችን ነው። «ባንክ ገቢ አድርግ» የምንለውም በዚሁ ስሜት ነው። በሒሳብ ሰው አፍ ግን «ገቢ» ሠርቶ ያገኙት፣ የራስ የሆነ ማለት ነው። ቀብዱ ባንክ ገብቷል፤ የእርስዎ ግን ገና አልሆነም።

በምሳሌ እንየው፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ለጊዜው እንተወው። አንድ ሶፋ በ80,000 ብር ታዘዘ። ደንበኛው ሰኔ 20 ላይ 30,000 ከፈለ። ጥሬ ገንዘብዎ በ30,000 ይጨምራል፤ ከጎኑ የሚቆመው ግን «ከደንበኛ የተቀበልነው ቅድሚያ ክፍያ» የሚል ዕዳ ነው። ዕዳው የብር ሳይሆን የሶፋ ነው። ሶፋው ተሠርቶ መጋዘን ቢቀመጥ እንኳ ዕዳው አይነካም። ሐምሌ 25 ርክክብ ተደርጎ ደንበኛው ቀሪውን 50,000 ሲከፍል፣ ዕዳው ይሰረዝና 80,000ው በአንድ ጊዜ የሽያጭ ገቢ ይሆናል። የሶፋው ወጪም ያኔ አብሮ ይያዛል።

ኦዲተሩን ያስቆጣው ሰኔ 30 ይመስለኛል። የበጀት ዓመቱ እዚያ ላይ ይዘጋል። 30,000ውን በሰኔ ገቢ ካሉት፣ አሮጌው ዓመት ያልሸጠውን ሶፋ ትርፍ ይበላል፤ ወጪው ደግሞ ለአዲሱ ዓመት ይተርፋል።

«ቀብድ» ራሱ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚጻፍ ቃል አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 የራሱ ቦታ አለው። ቀብድ ውል መደረጉን ያስረዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ በምሳሌያችን ደንበኛው ሐሳቡን ቢቀይር 30,000ው ያኔ ገቢ ይሆናል፤ ግን የሽያጭ ሳይሆን «ሌላ ገቢ» ተብሎ። ሻጩ ቢያፈርስ 60,000 ይከፍላል፤ ግማሹ ዕዳውን መመለስ፣ ግማሹ ንጹሕ ኪሳራ ነው። ይህን ሁሉ ጣጣ የማይፈልጉ ከሆነ፣ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ሳይሆን «ቅድሚያ ክፍያ» ብለው ይጻፉ፤ ውሉ ቢፈርስ ገንዘቡ ምን እንደሚሆንም አብረው ያስፍሩ።

(በነገራችን ላይ የግዕዙ «ዐረቦን» ጥንት ቀብድ ማለት ነበር። ዛሬ ኢንሹራንሶች ወስደውታል።)

ለመዝገብዎ እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ በሰኔ «ቀብዱ ባንክ ገብቷል»፣ በሐምሌ «የሽያጭ ገቢ ተመዝግቧል»።