ደመወዝሽን ቀንሰው «ካልተመቸሽ ልቀቂ» ሲሉሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ የግል ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያለ ምንም ስምምነት ደመወዜን ከ15,000 ወደ 10,000 ብር አወረዱት፤ ሁለት ወር ሆነው። ሥራዬንም ለሌላ ልጅ ሰጡት፣ ዝም ብዬ ነው የምቀመጠው። ኤችአር ‹ካልተመቸሽ መልቀቅ ትችያለሽ› አለኝ። ነገ መልቀቂያ ላስገባ ነው። የማገኘው ነገር ይኖር ይሆን?»

እህቴ፣ ነገ ምንም መልቀቂያ እንዳታስገቢ። መጀመሪያ ይህን አንብቢው።

እኔም ለገሃር አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሰባት ዓመት በግዢ ባለሙያነት ሠርቼ ነው የወጣሁት። ደመወዜ 18,000 ብር ነበር። አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። መጀመሪያ ፊርማዬን ከግዢ ሰነድ ላይ አነሱት። ቀጥሎ ጠረጴዛዬን ኮሪደር አጠገብ አዛወሩት። በመጨረሻ «በመዋቅር ማስተካከያ ምክንያት ከኅዳር ጀምሮ ደመወዝዎ 12,000 ብር ሆኗል» የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። ማንም ውጣ አላለኝም። ግን ልጆች ያሉት ሰው 6,000 ብር ተቆርጦበት እንዴት ይቆያል? ዓላማቸውም እሱ ነበር።

የኛ ሕግ ለዚህ የተለየ ስም የለውም። እኛ «አማርሮ ማስወጣት» እንለዋለን። ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 32 ላይ መውጫ አለ። አሠሪው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ያለበትን መሠረታዊ ግዴታ በተደጋጋሚ ሳይፈጽም ከቀረ፣ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ደመወዝን በሙሉ መክፈል ደግሞ መሠረታዊ ግዴታ ነው። የውል ሁኔታ የሚለወጠው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም ሁለታችሁ በጽሑፍ ስትስማሙ ነው። አለቃው ብቻውን ደብዳቤ ስለጻፈ ደመወዝሽ አይወርድም።

«በተደጋጋሚ» የምትለው ቃል ላይ ቁሚ። አንድ ወር ቢያጎድሉ «የሒሳብ ስህተት ነው» ይላሉ። ሁለትና ሦስት ወር ሲሆን፣ በተለይ አንቺ በየጊዜው በጽሑፍ ከተቃወምሽ፣ ስህተት ነው ማለት ያስቸግራቸዋል። በሌላ በኩል አንቀጽ 33 ያለማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብትሽን የሚያቆየው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካበቃበት ቀን ጀምሮ ለ15 የሥራ ቀናት ብቻ ነው። ይህን አንቀጽ ሳያውቁ ስድስት ወር እያጉረመረሙ ቆይተው የሚለቁ ሰዎች አሉ። የኔ ጠበቃ ያደረገው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ የጎደለ ክፍያ አዲስ ጥሰት ነው፣ ስለዚህ ቀኑን ከመጨረሻው ክፍያ እንቆጥራለን። የጥር ደመወዝ 28 ላይ ገባ፣ 12,000። የመልቀቂያ ደብዳቤዬ የካቲት 4 ነው የተጻፈው። ሳምንት እንኳን አልሞላም።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት የተቃውሞ ደብዳቤ ነበረኝ። የኅዳሩ ክፍያ በገባ ማግስት «የደመወዝ ቅነሳው ያለ ስምምነቴ ነው፣ አልተቀበልኩትም፣ ልዩነቱ 6,000 ብር ይከፈለኝ» ብዬ ጻፍኩ። መዝገብ ቤቷ ልጅ ቅጂው ላይ አልፈርምም አለች፤ ታዝዛ ነው መሰለኝ፣ አልቀየምኳትም። ዋናው ፖስታ ቤት ሄጄ በሪኮማንዴ ላክሁት። ደረሰኟ ከጠቅላላው ዶሴ ሁሉ የጠቀመችኝ ወረቀት ናት። በታኅሣሥም እንዲሁ አደረግሁ። የመጀመሪያውን የቅነሳ ደብዳቤ ሲሰጡኝ ደግሞ «ደርሶኛል፣ ግን አልተስማማሁም» ብዬ ነበር የፈረምኩት። አንቺ ዝም ብለሽ ፈርመሽ ከሆነ «በጽሑፍ ተስማምታለች» ይላሉ። ፊርማሽ ምን ላይ እንዳለ አስቀድመሽ አጣሪ።

አሁን ወደ መልቀቂያው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ነበረች፤ እሷም ደመወዟ ተቀንሶ ነበር። ኤችአር «ይህን ቅጽ ሙዪ፣ ቶሎ ይጨረስልሻል» ብሎ ሰጣት። ቅጹ ላይ «በራሴ ፈቃድ በግል ምክንያት» የሚል የታተመ መስመር አለ። ፈረመች። በኋላ ቅነሳውን ስታነሳ መልሱ አንድ ነበር፦ «በግል ምክንያት ነው የለቀቁት።» አንቀጽ 32 ሠራተኛው ያቋረጠበትን ምክንያትና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ ምክንያቱ ራሱ ደብዳቤው ውስጥ መኖር አለበት። የኔ ይህን ያህል ብቻ ነበር፦

«ከኅዳር እስከ ጥር ለሦስት ተከታታይ ወራት ከደመወዜ በየወሩ 6,000 ብር ያለ ስምምነቴ ጎድሏል። በጽሑፍ ሁለት ጊዜ አመልክቼ አልተስተካከለም። ስለዚህ በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 32 መሠረት ከየካቲት 5 ጀምሮ የሥራ ውሌን አቋርጫለሁ። ያልተከፈለ ደመወዜ፣ የሥራ ስንብት ክፍያዬ፣ ካሳዬና ያልተጠቀምኩበት ዓመት ፈቃዴ ይከፈለኝ።»

ምስጋና የለም፣ ስድብም የለም። ጠበቃው ሦስት ጊዜ አሳጠረኝ፤ እኔ ስለ ጠረጴዛዬ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር።

ብሩ ላይ ነው ዋናው ጨዋታ። የስንብት ክፍያ የሚሰላው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ ይሄዳል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በ18,000 ብር የቀን ደመወዜ 600 ነው። የመጀመሪያው ዓመት 18,000፣ የቀሩት ስድስት ዓመታት በ6,000 ሲባዙ 36,000፣ ድምሩ 54,000 ብር። አሠሪዬ ግን «የመጨረሻው ሳምንት» የሚለውን ይዞ በ12,000 አሰላው፦ 12,000 ሲደመር 24,000፣ 36,000 ብር። አየሽው? ደመወዙን መቁረጥ በየወሩ ብቻ ሳይሆን ስትወጪም ይጠቅማቸዋል። በዚያ ላይ «ያለማስጠንቀቂያ ነው የሄድከው» ብለው የአንድ ወር ደመወዝ፣ 12,000 ብር፣ ሊቀንሱብኝ ፈለጉ። እንደነሱ ቢሆን 24,000 ብር ይዤ እሄድ ነበር።

እኔ የጠየቅሁት 54,000 የስንብት፣ የሦስት ወር ልዩነት 18,000፣ እና በአንቀጽ 41 መሠረት የ30 ቀን ካሳ 18,000 ነው። 90,000 ብር፣ ከዓመት ፈቃዱ ውጪ። የስንብት ክፍያው ላይ አንድ ነገር ረድቶኛል፦ ከአምስት ዓመት በላይ አገልግያለሁ፣ የሥልጠና ውል ግዴታም አልነበረብኝም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በራሱ ተነሳሽነት ቢለቅም ክፍያው ይገባዋል። አንቺም ስድስት ዓመት ስለሞላሽ ይህ ክርክር ባንቺ ላይ አይከብድም።

ልደታ ከሰስኩ። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም፣ የከፈልኩት ለጠበቃው ብቻ ነው። ሕጉ በ60 ቀን ይወሰን ይላል። የኔ ስምንት ወር ወሰደ፣ አንዱን ቀጠሮ የነሱ ጠበቃ ሳይቀርብ ቀርቶ ነው የባከነው። ከባንክ ማህተም ያረፈበት ስቴትመንት አወጣሁ። ስምንት ወር 18,000 እየገባ ቆይቶ ከኅዳር ጀምሮ 12,000 ሲሆን ያሳያል። ያ ወረቀት ከሁለት ምስክር በላይ ተናገረ። ፍርድ ቤቱ ሕጋዊው ደመወዝ 18,000 ነው ብሎ ልዩነቱን፣ የስንብቱን እና የ30 ቀኑን ካሳ ፈረደልኝ። ክፍያው ስለዘገየ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ እንዲጨመርልኝ ጠይቄም ነበር፤ «እውነተኛ ክርክር ስለነበር» ተብሎ አልተቀበሉኝም።

ያጣሁትንም ልንገርሽ። ፊርማዬ መነሳቱንና ጠረጴዛዬ መዛወሩን ለብቻው አልተቀበሉትም። ውሌ ላይ «ሌሎች ከአለቃ የሚሰጡ ተዛማጅ ሥራዎች» የሚል መስመር ነበረ። የሥራ ድልድል የአሠሪው ሥልጣን ነው ተባለ። ስለዚህ ሥራዬን ለሌላ ልጅ ሰጡት የሚለውን ዋና ምክንያት አታድርጊው። ደመወዙን አስቀድሚ፣ የሥራ መነጠቁን አጋዥ አድርጊው። ደመወዝሽ ሳይነካ ሥራ ብቻ ተነጥቀሽ ቢሆን ኖሮ፣ እውነት ለመናገር፣ ልቀቂ አልልሽም ነበር። የተቀነሰው ነገር አበል ከሆነም ይለያል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ ቦነስና ኮሚሽን በአዋጁ ደመወዝ አይባሉም። ያንቺ 15,000 ዋና ደመወዝ መሆኑን ውልሽ ላይ እዪ።

በኢንተርኔት የእንግሊዝን ሕግ አንብበሽ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቂ። እዚያ እንዲህ የወጣ ሰው እንደተባረረ ይቆጠራል። እዚህ አሠሪው በሕገ ወጥ መንገድ ሲያሰናብትሽ የሚገኘው ወደ ሥራ መመለስ ወይም የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ አለ። አንቺ በአንቀጽ 32 ስትወጪ የምታገኚው ካሳ የ30 ቀን ነው። ለዚህ ነው «ልቀቂ» የሚሉሽና የማያባርሩሽ።

ለዚህም ነው ሌላውን መንገድ ሳታስቢ አትውጪ የምለው። ሥራ ላይ ሆነሽ ልዩነቱን ብቻ መክሰስ ትችያለሽ። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፣ ስለዚህ ጊዜ አለሽ። ከወጣሽም የመውጫ ክፍያዎችሽን በስድስት ወር ውስጥ መጠየቅ አለብሽ። ሌላ ሥራ ሳታገኚ የአምስት ሺህ ብር ልዩነት ለማስመለስ አሥር ሺውን መተው አያዋጣም። እኔ አዲሱን ሥራ ካገኘሁ በኋላ ነው ደብዳቤውን ያስገባሁት። ጀግና አልነበርኩም።

የማዕረግሽ ስም «ቡድን መሪ» ወይም «ሥራ አስኪያጅ» ከሆነ አንድ ነገር ንገሪኝ። ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን አለሽ? ካለሽ «የሥራ መሪ ናት፣ አዋጁ አይመለከታትም» ይላሉ። ስሙ ብቻውን ግን አይበቃቸውም፣ ሥልጣኑ ነው የሚታየው።

ስትወጪ የሥራ ልምድ ደብዳቤም አስጽፊ፣ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። እኔ ላይ «የመጨረሻ ደመወዝ 12,000 ብር» ብለው ጽፈው ሰጡኝ። ከፍርዱ በኋላ ውሳኔውን ይዤ ሄጄ አስቀየርኩት። ያቺ ስቴትመንት ባትኖር ኖሮ አዲሱ ድርጅት የሚያምነው ያንን ነበር።