የስህተት ደብተሩን ከሾርት ኖቱ ጋር ማገናኘት

«ጅማ ነው የምማረው፣ 12ኛ ክፍል ነኝ። የተሳሳትኳቸውን ጥያቄዎች ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ደብተሩ ሞልቷል፣ ግን ሾርት ኖት ስሠራ አይጠቅመኝም፤ ያንኑ ስህተት እደግማለሁ። ምን ላድርግ?»

ምናልባት የምትጽፈው ጥያቄውንና ትክክለኛውን መልስ ብቻ ይሆናል። እኔ እዚሁ ጅማ ፊዚክስ ሳስጠና በብዙ ተማሪዎች ደብተር ላይ ያየሁት ይሄንኑ ነው። የሚጎድለው ያን ጊዜ ምን አስበህ እንደመለስክ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ኳስ በ20 ሜትር በሰከንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወረወራል። ጫፍ ላይ ሲደርስ አክሰለሬሽኑ ስንት ነው? ብዙ ሰው «ዜሮ» ይላል። ደብተሩ ላይ «መልሱ 10 ወደ ታች» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። ሳምንት ቆይቶ ፔንዱለም ዳር ላይ ለቅጽበት ሲቆም አክሰለሬሽኑን ሲጠይቁት አሁንም «ዜሮ» ይላል። ምዕራፉ ሌላ ነው፣ ስህተቱ ግን ያው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ጻፈው፦ «ቬሎሲቲው ዜሮ ስለሆነ አክሰለሬሽኑም ዜሮ መሰለኝ። ግን ስበቱ ጫፍ ላይም አለ፤ ቬሎሲቲው ወደ ላይ ከመሆን ወደ ታች ወደ መሆን እየተቀየረ ነው።» ይሄንን ግን ያኔውኑ፣ መልሱን እንዳየህ ጻፈው። ማታ ላይ ከሆነ ምን አስበህ እንደነበር ትረሳዋለህ።

ቀጣዩን ሾርት ኖት ስትጀምር መጽሐፉን አትክፈት። መጀመሪያ ደብተሩን አንብብና ምክንያታቸው የሚመሳሰሉትን ሰብስብ። ኳሱና ፔንዱለሙ አንድ ላይ ይገባሉ፤ በላያቸው «ቆመ ማለት አክሰለሬሽን የለውም ማለት አይደለም» ብለህ ትጽፋለህ። ከዚያ በኋላ ነው ፎርሙላው የሚመጣው። የማትሳሳትበትን ነገር በአንድ መስመር እለፈው፣ ገጹን የምትሳሳትበት ይያዘው።

ሁሉም ስህተት ግን ሾርት ኖት ውስጥ አይገባም። «ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን «የሆነው» ብለህ አንብበህ ከሆነ ፊዚክሱን ታውቀዋለህ። እንዲህ ያለውን ለብቻው ያዝና ፈተና ላይ «ያልሆነው» የሚለው ቃል ሥር ማስመር ልመድ። በግምት ያገኘኸውን ደግሞ፣ ልክ ቢሆንም፣ ስትሠራ ጎኑ ላይ ምልክት አድርግበትና እንደ ስህተት ጻፈው። ብዙ ተማሪ የሚዘለው ይሄንን ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደብተሩን ሸፍነህ ሌላ መልክ ያለው ጥያቄ ሥራ፤ ለምሳሌ ስፕሪንግ ላይ የታሰረ ዕቃ ዳር ሲደርስ። አክሰለሬሽኑ እዚያ ነው ከሁሉም የሚበልጠው። ምክንያቱን ጭምር ከመለስክ፣ በሌላ ቀንም ከደገምከው፣ ከሚቀጥለው ሾርት ኖት አውጣው። ያልመለስከው ይቆይ፤ ማብራሪያህን ግን በሌላ አነጋገር ጻፈው፣ የመጀመሪያው አልገባህም ማለት ነውና።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጡት ወርክሺቶች የመልስ ቁልፋቸው አንዳንዴ የተሳሳተ ነው። መልሱ ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመልህ መምህርህን ሳትጠይቅ ደብተሩ ላይ አታስፍረው።