የጥቅም ግጭት ቅጹ ከተሞላ በኋላ ምን ይደረግ? ስለ ሥነ ምግባር ደንብ አረቃቀቅ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደንብ እያረቀቅን ነው። የስጦታ ጣሪያ ስንት ይሁን?

ቁጥሩን መጨረሻ ላይ ወስኑት። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ደንብ በአንድ ጊዜ ከ20 ዶላር ያልበለጠ ስጦታ መቀበልን ይፈቅዳል፤ ከአንድ ሰጪ የሚመጣው ግን በዓመት ተደምሮ ከ50 ዶላር ማለፍ የለበትም፤ ጥሬ ገንዘብ በዚህ ፈቃድ አይገባም። ከዚህ የሚቀዳው ሁለተኛው ገደብ ነው። የዓመት ድምር ያልተጻፈበት ደንብ አቅራቢው ስጦታውን በየወሩ እየቆራረጠ እንዲልክ ያስተምረዋል። ድምሩ ደግሞ ያለ መዝገብ አይታወቅም። ጨረታ ወጥቶ ውጤቱ እስኪገለጽ ድረስ ከተጫራች የሚመጣ ስጦታ ትንሽም ቢሆን አይወሰድ።

ጥያቄ፦ የድርጅቱን መኪናና ኮምፒውተር ለግል ጉዳይ መጠቀምስ?

ማን እንደሚፈቅድ፣ የት እንደሚመዘገብ ጻፉ። ሌላው ዝርዝር ነው።

ጥያቄ፦ ሠራተኛው ዘመዱ ተጫራች መሆኑን በቅጽ ካሳወቀ ግዴታውን ተወጥቷል ማለት አይደለም?

እሱ ተወጥቷል፤ ድርጅቱ ግን ገና አልጀመረም።

በውስጥ ኦዲት ሳለሁ የአንድ ድርጅት የማተሚያ ማሽን ግዥ እንድመረምር ተሰጠኝ። ቃለ ጉባኤው ያስመሰግናል፦ አንድ የኮሚቴ አባል የሚስቱ ወንድም ተጫራች እንደሆነ ተናግሮ በግምገማው ዕለት ከስብሰባው ወጥቷል። ከተጫራቾቹ ሁለቱ በቴክኒክ ወድቀዋል። ለምን ወደቁ ብዬ ዝርዝር መግለጫውን ሳነብ ማሽኑ በደቂቃ 52 ገጽ ማተም አለበት ይላል። የወደቁት ማሽኖች 50 ያትማሉ። ለምን 52 እንደሆነ ክፍሉን ብጠይቅ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ የአማቹ ማሽን ግን ልክ 52 ነበር። ከግምገማው አራት ሳምንት በፊት መግለጫውን ያረቀቀው ያው አባል ነው።

ሰውዬው አልዋሸም። ቅጹን ከጨረታው በፊት ሞልቶ ለሰው ሀብት ክፍል ሰጥቷል፤ ቅጹም በግል ማኅደሩ ውስጥ ተኝቶ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ አላየውም። ደንቡም ቢሆን የሚለው «ውሳኔ ሲሰጥ ይውጣ» ብቻ ነው። ስለዚህ አንቀጹን ስትጽፉ ከሥራው የሚገለልበትን ጊዜ የግዥ ፍላጎት ከሚጠናበት ቀን አስጀምሩት፤ መግለጫ ማርቀቅን፣ ግምገማን፣ ዕቃ መረከብንና ክፍያ ማጽደቅን ጨምሩበት። የቅጹ የታችኛው ግማሽ ደግሞ የአለቃው ይሁን፦ ምን ወሰነ፣ ሥራውን ለማን አስተላለፈ፣ ለማን አሳወቀ፣ መቼ። ያ ክፍል ባዶ ከሆነ ቅጹ እንዳልተሞላ ይቆጠር።

ከሰው ሀብት ክፍል የመጡ ተሳታፊ፦ ይህ ሁሉ ከሚሆን የሠራተኛ ዘመድ በጨረታ እንዳይሳተፍ መከልከል አይቀልም?

ለማርቀቅ ይቀላል፣ ለማስፈጸም ግን አይቀልም። ሁሉን ስትከለክሉ ቅጽ የሚሞላ ሰው ይጠፋል፤ ዘመዱ በሌላ ሰው ስም ይመጣል። መግለጫውን በሚያረቁትና ግዥውን በሚያጸድቁት ላይ ጥብቅ ክልከላ ብታደርጉ ግን አልቃወምም።

ሌላ ተሳታፊ፦ እኛ ጋር ግዥ የምንሠራው ሦስት ሰዎች ነን። እኔ ብወጣ ማን ይተካኛል? የእኔ እህት ደግሞ የጽሕፈት ዕቃ አቅራቢ ናት።

ከሌላ ክፍል ሰው ይመደብ። እሱ ስለ ዕቃው ካላወቀ ችግር መሆኑን አውቃለሁ፤ ለትንንሽ ድርጅቶች የሚያጠግብ መልስ የለኝም። ቢያንስ የእርስዎ አስተያየት በጽሑፍ ይጠየቅ፣ የእህትዎም ጉዳይ ከአስተያየቱ አጠገብ ይጻፍ።

የኮምፒውተር ባለሙያው፦ ስለ ኮምፒውተር ሲነሳ፣ ድርጅቱ የሠራተኛውን ኢሜይል ማንበብ ይችላል ወይ የሚለው ካልተጻፈ ደንቡ ጎደሎ ነው።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ኮምፒውተሩ የድርጅቱ ከሆነ ለምን አያነብም?

የኮምፒውተር ባለሙያው፦ ጠረጴዛውም የድርጅቱ ነው፤ በመሳቢያው ያለ የግል ደብዳቤ ይነበባል?

ይህን ለሕግ ባለሙያ አቅርቡት፤ መልሱ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ዘግይቼ ገባሁ። የስጦታ ጣሪያ ስንት ቢሆን ይመክሩናል?

የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ። መዝገብ ሳይኖር ቁጥር አትጻፉ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ስጦታው ቤቴ ድረስ መጥቶ ልጆቼ ተቀብለውት ቆዩኝ። የሚበላ ነገር ነው፣ ተከፍቷል። አሁን ምን ላድርግ?

ዛሬውኑ ለአለቃዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የላከውን፣ ቀኑን፣ ግምቱንና መከፈቱን ያስመዝግቡ። ለሰጪው አመስግነው ሁለተኛ እንዳይልክ ይጻፉለት፤ ግልባጩ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ። ላኪው አሁን ጨረታ ላይ ያለ ከሆነ ግን ለኮሚቴው ሰብሳቢ ዛሬ ይንገሩ፤ ነገ አይበሉ።