«ሁለት ይቀረኛል» ስንል ስንት ነው የሚቀረን? ጥያቄና መልስ

የጡንቻ ግንባታ ፕሮግራማችሁ ላይ «ቀሪ 2» ወይም «አር አይ አር 2» የሚል ነገር ካያችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ዙሩን ስታቆሙ ገና ስንት ሬፕ መሥራት ትችሉ እንደነበር የሚናገር ቁጥር ነው። ሬፕ ክብደቱን አንዴ አንስቶ ማውረድ ነው፤ ዙር ደግሞ ሳያርፉ በተከታታይ የሚሠሩት ሬፕ ነው። ጥያቄዎቹ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ይህን ቁጥር እንዴት ልመነው?

ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ፕሮግራሜ ሁለት ሲቀርህ አቁም ይላል። ሁለት መቅረቱን በምን አውቃለሁ?

ብረቱ የሚወጣበትን ፍጥነት ተመልከት። በሙሉ ኃይልህ እየገፋህ ብረቱ በራሱ መዝገም ከጀመረ ወደ መጨረሻው እየተጠጋህ ነው። አራት ያህል ሲቀርህ ሬፑ ከመጀመሪያዎቹ ብዙም አይለይም። ሁለት ሲቀርህ መሃል መንገድ ላይ ጎተት ይላል። ምንም ሳይቀርህ የምትሠራው ሬፕ ደግሞ «ቆሞ ሊቀር ነው» ብለህ እየታገልክ የምታወጣው ነው። ሆን ብለህ ቀስ እያልክ ከሠራህ ግን ይህ ምልክት ይጠፋል። ስለዚህ ስታወርድ ተረጋግተህ አውርድ፣ ስትገፋ ባለህ ኃይል ግፋ።

ማቃጠልን አትከተል። ጡንቻ ገና ስድስት ሰባት ሬፕ እያለውም ሊያቃጥል ይችላል። ፊት መጨማደድም፣ ትንፋሽ መቆራረጥም ምልክት አይደለም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። መጨረሻውን አይቶ የማያውቅ ሰው ምን ያህል እንደቀረው መናገር ይቸግረዋል። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ማሽን ላይ፣ የመጨረሻውን ዙር እስኪያቅትህ ሥራ። እየሠራህ ሳለ «አሁን ሁለት ቀረኝ» ያልክበትን ሬፕ ያዝ፤ ከዚያ ቀጥል። ሦስት ከሠራህ በአንድ ተሳስተሃል። ስድስት ከሠራህ በአራት። ይህን ጻፈው።

ቤንች ፕሬስ 60 ኪሎ በ10 ሬፕ፣ ሦስት ዙር፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ። ሁሌም «ቀሪ 2» ብዬ ነው የምጽፈው። ምንም ለውጥ የለም። ምግቤ ይሆን?

ምግብህን ከመንካትህ በፊት ቁጥሩን ፈትነው። ይህን ሰው በግል አግኝቼው ስለነበር የሆነውን ላውራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ራሳችሁን ታዩበታላችሁ።

ሦስተኛው ዙር ላይ፣ አጋዥ ጓደኛ ከራሱ በላይ ቆሞለት፣ እስኪያቅተው እንዲገፋ ነገርኩት። አሥረኛው ላይ «ሁለት ቀረኝ» አለ። አሥራ አምስት ሠርቶ አሥራ ስድስተኛው ላይ ብረቱ ቆመ። ሁለት ያለው አምስት ነበር ማለት ነው፤ ያውም ከሁለት ዙር ድካም በኋላ። የመጀመሪያው ዙር ላይ የሚቀረው ከዚያም ይበልጣል። ስድስት ሳምንት ሲሠራ የቆየው ለጡንቻው ቀላል በሆነ ክብደት ነበር።

ክብደቱን እንዲህ መረጥን። የሚፈልገው 10 ሬፕ ሠርቶ 2 ማስቀረት ነው። ስለዚህ ቢበዛ 12 ጊዜ የሚያነሳው ክብደት ያስፈልገዋል። 60ን 15 ጊዜ አንስቷል። በዚህ የሬፕ መጠን አንድ ሬፕ ለመቀነስ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ክብደት መጨመር ይበቃል። ሦስት ሬፕ ለመቀነስ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ 64 ኪሎ ላይ ይወድቃል። ባሩ የሚጨመረው በ2.5 ስለሆነ 65 አደረግነው።

የመጀመሪያው ቀን 65ን 10፣ 9 እና 8 ሠራ። ሦስቱንም ዙር ሁለት ሲቀረው ነው ያቆመው። ሬፑ መቀነሱ አበሳጭቶት ነበር፤ ግን ትክክለኛው ምልክት ያ ነው። በሦስት ዙር ውስጥ በተመሳሳይ ክብደት፣ በተመሳሳይ ሬፕ፣ «ሁሌም ሁለት ቀረኝ» የሚል ሰው ካለ አንዱ ቁጥር ልክ አይደለም። ድካም አለና። በየዙሩ መሃል አምስት ደቂቃ የሚያርፍ ካልሆነ በቀር።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ 10 ሠርቶ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ከቀረው በሚቀጥለው ጊዜ 2.5 ኪሎ ይጨምራል። ሁለት ከቀረው እዚያው ይቆይና በኋለኞቹ ዙሮች ሬፕ ለመጨመር ይሞክራል። አንድ ወይም ዜሮ ከሆነበት ክብደቱን አይነካም፤ ለሁለት ቀን ተከታትሎ ከተደገመ ግን 2.5 ይቀንሳል።

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ይሄ ሁሉ ግምት ለምን? ጡንቻ የሚያድገው እስኪያቅት ሲሠራ ነው። ሁሌ እስኪያቅት መሥራት ከስህተት ያድናል።

ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነህ። ወደ መጨረሻው በተጠጋህ መጠን ለጡንቻ የተሻለ እንደሚሆን ብዙ ጥናቶች ይጠቁማሉ። አምስትና ስድስት ሬፕ እያስቀሩ መሥራት ከዜሮ ጋር እኩል ነው የሚል ሰው ካለ አላምነውም። እስኪያቅት መሥራት የግምትን ጣጣ እንደሚያስቀርም እውነት ነው።

የሚከፈለውን ዋጋ ግን ዘለልከው። የመጀመሪያውን ዙር እስኪያቅትህ ከሠራህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ሬፕህ ክፉኛ ይወርዳል። ስኳት ላይ ከሆነ ድካሙ ለሚቀጥለው የእግር ቀንም ይተርፋል። አንድ ወይም ሁለት ያስቀሩና ዜሮ ድረስ የሄዱ ሰዎች ሲነጻጸሩ ደግሞ በጡንቻ እድገት ብዙም ያልተለያዩባቸው ጥናቶች አሉ። ለዚህ ነው ከባድ እንቅስቃሴዎች ላይ አንድ ሁለት የማስቀረው። ላተራል ሬይዝና ሌግ ኤክስቴንሽን ላይ ግን የመጨረሻውን ዙር እስኪያቅትህ ብትሠራ አልከራከርህም። ድካሙ ትንሽ ነው፤ ብረት ደረትህ ላይ አይወድቅም።

እኔም ቀሪ 2 ነው የምሠራው። ፕሮግራሜ 12 ስለሚል ሁሌ 10 ላይ አቆማለሁ። ትክክል ነው አይደል?

አይደለም እህቴ። ብዙ ሰው እንዲህ ይረዳዋል። ሁለቱ የሚቀነሱት ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው 12 አይደለም፤ ከአቅምሽ ነው። ወረቀቱ «12፣ ቀሪ 2» ካለ አሥራ ሁለቱንም ትሠሪያለሽ፤ ክብደቱ ግን ቢበዛ 14 ጊዜ የምታነሺው መሆን አለበት። አሁን የያዝሽው ክብደት 20 ጊዜ የሚነሳ ከሆነ 10 ላይ ስታቆሚ አሥር ነው የቀረሽ። የሚቀጥለው ቀን የመጨረሻውን ዙር እስከ መጨረሻ ሥሪው። መልሱን እዚያው ታገኚዋለሽ።

ዕድሜዬ 54 ነው። ሌግ ፕሬስ 20 ሬፕ እሠራለሁ። 15 ላይ «አንድ ቀረኝ» እላለሁ፤ ትንሽ ቆሜ ተንፍሼ ደግሞ አምስት እጨምራለሁ። ታዲያ ይህ ቁጥር ምን ይረባል?

እርስዎ የገለጹት የቁጥሩን ደካማ ጎን ነው። ሬፕ በበዛ ቁጥር ግምቱ ይበልጥ ይስታል። 15ኛው ላይ የቆመው ትንፋሽዎ ነው፤ እግርዎ ገና ነበረው። ሰው ደግሞ ሲገምት የሚሳሳተው በአብዛኛው ከአቅሙ አሳንሶ ነው። መጨረሻው ሲቃረብና ክብደቱ ከበድ ሲል ግን ግምቱ ይሻሻላል።

ስለዚህ ጉልበትዎ ካልተቃወመ ክብደቱን ጨምረው ከ8 እስከ 12 ሬፕ ወዳለው ያምጡት። ትንፋሽዎ ሳይቀድም ጡንቻዎ ይናገራል። ጉልበትዎ ከባድ ክብደት ካልወደደ ግን በ20 ሬፕ መቆየት ይችላሉ። ያኔ «አንድ ቀረኝ» ሲሉ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ወስደው ይቀጥሉ፤ እግርዎ ራሱ ሲዘገይ ያቁሙ። የደም ግፊት ካለብዎ ወይም ትንፋሽ ይዘው የመግፋት ልማድ ካለዎት ግን እስኪያቅት የሚሠራውን ፈተና ከሐኪምዎ ጋር ሳይነጋገሩ አይሞክሩት።

ወገቤ ተጣሞም ቢሆን ያወጣሁት ሬፕ ይቆጠራል?

አይቆጠርም። የሚቆጠረው እንደ መጀመሪያው ሬፕ በሚመስል አሠራር የወጣው ነው። ዴድሊፍት ላይ ወገብህ መጉበጥ የጀመረበት ሬፕ ላይ ቀሪህ ዜሮ ነው፤ ኃይል ቢኖርህም። መዘግየት ግን መበላሸት አይደለም። ማይክ ዙርዶስና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት የስኳት ጥናት፣ አንዴ ብቻ ማንሳት በሚችሉት ክብደት ላይ የልምድ ባለቤቶቹ ብረት ከጀማሪዎቹ ይልቅ በዝግታ ነበር የወጣው። ልምድ ያለው ሰው አሠራሩን ሳይጥል ረጅም ይታገላል። ጀማሪው ቶሎ ይለቃል። ስልክህን ከጎን አስቀምጠህ ቅረጸው፤ ከዘገየው የተበላሸውን ለመለየት ከዚያ የሚሻል አላገኘሁም።

ትናንት አልተኛሁም ነበር። ዕቅዴ ስኳት 70 ኪሎ በ8፣ ቀሪ 2 ነበር። ስድስተኛው ላይ ሁለት ብቻ እንደቀረኝ ተሰማኝ። ታግዬ ስምንት አስገባሁ። ጥፋት ነው?

አንድ ቀን ነውና ጥፋት አይደለም። እኔ ብሆን ግን ስድስተኛው ላይ አቆማለሁ። ለሚቀጥለው ዙር ከ70 ላይ 5 በመቶ ያህል አወርዳለሁ፤ 67.5 ወይም 65 ማለት ነው። ያኔ ስምንቱ ሁለት እያስቀረሽ ይመለሱልሻል። ክብደቱን ሳይነኩ በስድስት ሬፕ የሚቀጥሉም አሉ፤ እነሱም አልተሳሳቱም። የኔ ምርጫ ሬፑን መጠበቅ ነው፤ ከሳምንት ሳምንት ማወዳደር ስለሚቀለኝ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ማሞቂያው ላይ ከባድ ስለመሰለሽ ብቻ አትቀንሺ። ማሞቂያ ይዋሻል። የመጀመሪያው ሙሉ ዙር ከተሠራ በኋላ ወስኚ። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ እንዲህ ከሆነ ግን የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነገር አይደለም። የዙሩን ቁጥር ለአንድ ሳምንት በግማሽ ቀንሺና ተመለሺ።

ታዲያ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ስንት ላስቀር? አንዱ 3 ይላል፣ አንዱ 0።

እዚህ ላይ ሰዎች አልተስማሙም፣ እኔም የተቆረጠ ቁጥር የለኝም። እኔ ስኳትና ዴድሊፍት ላይ 2 ወይም 3 አስቀራለሁ። ቤንችና ሮው ላይ 1 ወይም 2። እጅ፣ ትከሻና ማሽን ላይ 0 ወይም 1። አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ስኳትም ላይ አንድ ብቻ እያስቀረ ነው የሚሠራው፤ እግሩ ከኔ ይበልጣል። እሱ ግን በሳምንት የሚሠራው የእግር ዙር ከኔ በግማሽ ያንሳል። ሁለቱን ነጥሎ ማየት አይቻልም፤ ቀሪውን ዝቅ ስታደርግ የምትችለው የዙር ብዛትም ይወርዳል። አንዱን ስትቀይር ሌላውን ለአራት ሳምንት ባለበት ተወውና መዝገብህ ላይ ሬፑ ይወጣል ወይስ ይወርዳል የሚለውን እይ።

ቤንች ላይ ዜሮ ልትሞክር ከሆነ ደግሞ አጋዥ ይኑርህ፤ ከሌለ የመከላከያ ብረቱን ከደረትህ ትንሽ ዝቅ፣ ከአንገትህ ግን ከፍ አድርገህ ግጠመው፤ ባሩ አንገትህ ላይ እንዳይደርስ።