«ሞትኩ» የሚለው የራስ ቅል

ጥያቄ፦ «የ16 ዓመት ልጄ ቀልድ በጻፍኩላት ቁጥር የራስ ቅል ብቻ ትልክልኛለች። የተቀየመችኝ መስሎኝ ስጠይቃት ‹በጣም ስቄ እኮ ነው› አለችኝ። የሞት ምልክት እንዴት የሳቅ ሆነ? በአማርኛ ስንጻጻፍስ ያስኬዳል?»

መልስ፦ ምልክቱን «ሞት» ብለው ሳይሆን «ሞትኩ» ብለው ያንብቡት። ወጣቶቹ ዘንድ 💀 የግስ ሥራ ነው የሚሠራው። ባለቤቱም አንደኛ መደብ ነጠላ ነው፤ ሟቹ ላኪው ራሱ ነው። ልጅዎ የጻፈችልዎ «ገደልሽኝ» ወይም «በሳቅ ሞትኩ» የሚለውን ነው፤ ቃላቱን ትታ ሥዕሉን ብቻ ላከችልዎ።

እስከዚህ ድረስ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር የለም። በሳቅ ሞትን፣ በሳቅ ፈረስን፣ በሳቅ ገደለን እንላለን፤ ማንም ደንግጦ «ነፍስ ይማር» አይለንም። ግነቱ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። በጥንታዊው የግሪክ ገጣሚ በሆሜር ድርሰት፣ በኦዲሲ 18ኛ ክፍል ላይ ሁለት ለማኞች ሲደባደቡ አንዱ ሲዘረር የሚያዩት፣ ንግሥት ፔኔሎፔን ለማግባት የመጡ ወንዶች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «በሳቅ ሞቱ» ይላል ግሪክኛው። (እነዚሁ ሰዎች ከአራት ክፍል በኋላ የምር ይገደላሉ፤ ገጣሚው ሆን ብሎ ይሆን እንጃ።) ሰው ሲስቅ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ እንባው ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሳቅን ከሞት ጋር ለማዛመድ ከዚህ በላይ ሰበብ አያስፈልግም።

እንግዳው ነገር የሚመጣው ቀጥሎ ነው። በአማርኛ «በሳቅ» የምትለዋ ክፍል አትቀርም። የሚገድለንን ነገር በ«በ» አስረን እንናገራለን፦ በሳቅ፣ በረኀብ፣ በኀፍረት፣ በናፍቆት። ብቻውን የቆመ «ሞትኩ!» ሲሰማ አብዛኛው ሰው ጣቱ በር ላይ የተቀረቀረ ነው የሚመስለው። በእንግሊዝኛ ግን፣ በተለይ በጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች አነጋገር፣ የሞቱ ምክንያት ተዘልሎ «አይም ዴድ» ብቻ ማለት የተለመደ ሆነ፤ ትርጉሙም «ሳቄ ገደለኝ» ነው። አነጋገሩ በትዊተርና በመሰሎቹ መድረኮች ወደ ሌሎች ወጣቶች ተዛመተ። የራስ ቅሉ የተተካው ለዚህች ለተቆረጠች ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ የእኛ ልጆች 💀 ሲልኩ ግነቱን ከቤታቸው ያውቁታል፤ የተዋሱት «በሳቅ»ን መጣሉን ነው። እርስዎን ግራ ያጋባዎትም ይኸው የተጣለው ቃል ይመስለኛል።

ምልክቱ ራሱ ለሳቅ አልተሠራም። መነሻው የጃፓን የስልክ ኩባንያዎች የሥዕል ስብስብ ሲሆን ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት በ2010 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። ከታች ሁለት አጥንት የተመሳቀለበት ☠ ከእሱ በፊት በዩኒኮድ ውስጥ ነበረ፤ እሱ ግን ከመርዝ ጠርሙስና ከባሕር ወንበዴ ባንዲራ ጋር ስለተያያዘ ማስጠንቀቂያነቱ አለቀቀውም። 💀 ፊት ብቻ ነው፤ ጥርሱም እንደ ገጠጠ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ሬሳ ሣጥን ወይም መቃብር ያልቻለውን ቦታ ይህ የራስ ቅል የያዘው ከሌሎቹ የፊት ምልክቶች ጎን ሲሰለፍ ስለሚያምርበት ነው።

ለሳቅ የተሠራ ምልክት እያለ ሌላ ለምን አስፈለገ? ያው በ2010 የገባው በእንባ የሚስቀው ፊት፣ 😂፣ በጣም ተወደደ። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በ2015 «የዓመቱ ቃል» ብለው እስከ መምረጥ ደረሱ። የጎዳውም መወደዱ ነው። ለትንሹም ለትልቁም ቀልድ ሲላክ፣ ከዚያም ጨርሶ ለማያስቅ ነገር እንደ ጨዋነት ሲለጠፍ፣ «ፈገግ አልኩ» ከማለት የማያልፍ ሆነ። የማጠናከሪያ ቃላት ዕጣ ሁሉ እንዲህ ነው። በአማርኛ «ክፉኛ» የክፋት ትርጉሙ ተሟጦ «ክፉኛ ወደዳት» እስከሚባል ደርሷል፤ «በጣም» ሲያንሰን «በጣም በጣም» እንላለን። በ2020 እና 2021 አካባቢ ወጣቶቹ 😂ን «የወላጆች ምልክት» እያሉ ያሾፉበት ጀመር፤ የምር የሳቀ ሰው 💀 ወይም ስቅስቅ ብሎ የሚያለቅሰውን 😭 መላክ ያዘ። የራስ ቅሉ ኃይል ከሥዕሉ ጭካኔ ይመጣል፤ ከሞት በላይ የሚጋነን ነገር ስለሌለ። እሱም ቢሆን እየሳሳ ነው፤ ዛሬ ሦስት አራት ደርድረው 💀💀💀 የሚልኩት አንዱ ብቻውን ስለማያስቅ ነው።

አሁን የጣሉት «በሳቅ» የሚያስከትለውን ችግር በአንድ ቀን መልእክቶች እንየው። አንዲት ተማሪ ለጓደኛዋ እንዲህ ጻፈች እንበል፦

«መምህሩ ስሜን ሲጠራ ‹አቤት እማዬ› አልኩት 💀»

ጓደኛዋ «💀💀💀» ብላ መለሰች። የመጀመሪያው «በኀፍረት ሞትኩ» ነው፣ ሁለተኛው «በሳቅ ሞትኩ»። ያው ምልክት፣ ያው ጨዋታ፣ ሁለት የሞት ምክንያት። ማታ ላይ ያችው ተማሪ «ነገ ሦስት ፈተና አለብኝ 💀» ብትል ደግሞ ማንም አልሳቀም፤ «አለቀልኝ» ማለቷ ነው። እንግዲህ መለያው ቀላል ነው፦ በምልክቱ ቦታ «ሞትኩ» ብለው ያስገቡና ምክንያቱን ከፊት ካለው ዓረፍተ ነገር ይፈልጉለት። ቀልድ ካለ ሳቅ ነው፤ ላኪው ራሱን ያጋለጠበት ወሬ ካለ ኀፍረት ነው፤ ጣጣ ካለ ተስፋ መቁረጥ ነው።

ይህ መፈተኛ የሚከሽፍበት ቦታ ሌላ ሰው በእርግጥ ሲሞት ነው። ምልክቱን በቀድሞ ትርጉሙ የሚያውቁ አክስት «የጎረቤታችን አባት ዐረፉ 💀» ብለው ቢጽፉ፣ ለእሳቸው ሐዘንን ማጉላት ነው። በወጣቶቹ ዓይን ግን ምልክቱ «ሞትኩ» ስለሆነ ቀብር ላይ የተሳቀ ይመስላል። ተገላቢጦሹም አለ፤ በጨዋታ መሃል የሄደ የራስ ቅል ለአንዳንድ ትልቅ ሰው ሟርት ሆኖ ይታያል። ሁለቱም ወገን ምልክቱን በየራሱ ሰዋስው በትክክል ስለሚያነብ «አልገባህም» ተባብሎ መካሰሱ አያዋጣም።

ያስኬዳል ወይ ላሉት፣ ከልጅዎ ጋር ሲጫወቱ ያስኬዳል፤ ለቀልዷ አንድ 💀 ቢመልሱላት ትረዳዎታለች። (ወላጆች በብዛት ሲጀምሩት እሷ ሌላ ምልክት መፈለጓ አይቀርም፤ የ😂ም ነገር እንዲሁ ነበር።) ደብዳቤና ማመልከቻ ውስጥ ቦታ የለውም፤ እዚያ 😂ም ቢሆን የለውም። ለማያውቁት ሰው ወይም ዕድሜው ለገፋ ዘመድ ሲጽፉ የተጣለችውን ቃል መልሰው «በሳቅ ሞትኩ» ይበሉ። የሐዘን መልእክት ላይ ግን፣ ተቀባዩ ማንም ይሁን ማን፣ የራስ ቅል አይላኩ፤ «ነፍስ ይማር» በፊደል ይጻፍ።