«ቴብልና ፊገር በጋይድላይኑ አልተዘጋጀም» ተብላ ለተመለሰባት እህት

ጥያቄው፦ «የማስተርስ ጥናቴን ለጆርናል ልኬ ሪቪወር ጋ እንኳ ሳይደርስ መለሱልኝ። ቴብሎችና ፊገሮች በኦተር ጋይድላይኑ መሠረት አልተዘጋጁም ይላል እንጂ ምኑ እንደተበላሸ አይናገርም። ካፕሽን ከላይ ነው ከታች? ፊገሮቹን ዎርዱ ውስጥ ልተዋቸው ወይስ ላውጣቸው? ያለፈበት ሰው ቢነግረኝ።»

እህቴ፣ ይህች ባለ ሁለት መስመር ኢሜይል ለእኔም ሦስት ጊዜ መጥታለች። ምኑ እንደተበላሸ ንገሩኝ ብዬ ስጽፍ የመለሱልኝ ያንኑ የጋይድላይን ሊንክ ነው። አንድ ዓመት የደከሙበትን ሥራ እንዲህ መመለስ ያበሳጫል፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ስለዚህ እነሱ ያልነገሩኝን ልንገርሽ።

1. ካፕሽን። ቴሲስ ላይ የለመድነው የቴብል ከላይ፣ የፊገር ከታች ነው። ለጆርናል ስትልኪ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የትኛው ፋይል ውስጥ እንደሚገባ ነው። ብዙዎቻችን የምንልክባቸው ጆርናሎች፣ ቢኤምሲም ፕሎስ ዋንም፣ ፊገሩን ለብቻው ፋይል አድርገሽ እንድትጭኚ፣ ካፕሽኑን ግን ማኑስክሪፕቱ ውስጥ በጽሑፍ እንድትተዪው ይፈልጋሉ። ቢኤምሲ የፊገሩ ርዕስ ከ15 ቃል፣ ማብራሪያው ከ300 ቃል እንዳይበልጥ ይላል። ፕሎስ ዋን ደግሞ ካፕሽኑ ፊገሩ መጀመሪያ ከተጠቀሰበት አንቀጽ ቀጥሎ እንዲገባ ይፈልጋል፤ አጻጻፉም `Fig 1` ነው፣ ነጥብ የለውም። ምስሉ ላይ ርዕስ ተጽፎ ከሆነ አጥፊው። እኔ ስታታ ላይ `title()` ብዬ ያስገባሁት ርዕስ ግራፉ ላይ ተቀምጦ ካፕሽኑም ያንኑ ይደግም ነበር፤ የመጀመሪያው መመለስ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

2. የፊገር ጥራት። 300 ዲፒአይ ሲሉሽ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ማለታቸው ነውና ፒክስል ቁጠሪ። ቢኤምሲ ላይ የሙሉ ገጽ ፊገር ስፋቱ 170 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ 6.69 ኢንች ይሆናል፣ በ300 ሲባዛ 2008 ፒክስል አካባቢ። የግማሽ ገጹ 85 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 1004 ይበቃዋል። አሁን ፋይልሽን በቀኝ ተጫኚና Properties ውስጥ Details የሚለውን ክፈቺ፣ ስፋቱን እዪ። የእኔ 640 ነበር። ከዎርድ ላይ ስክሪንሾት አንስቼ ነበራ! 640ን ለ6.69 ስታካፍዪው 96 ዲፒአይ እንኳ አይሞላም። ሲመልሱልኝ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ምስል ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ሪዞሉሽን የሚለው ሳጥን ላይ 300 ብዬ ጻፍኩና መልሼ ላክሁት። ቁጥሩ ተቀየረ፣ ፊደሎቹ ግን ይብሱን ተድበሰበሱ፤ ያልነበረ ፒክስል ከየት ይመጣል? ሁለተኛው መመለስ በዚህ ነው። መፍትሔው ከምንጩ እንደገና ማውጣት ብቻ ነው፦

```
graph export "Fig2.tif", width(2008) replace
```

የጥናት አካባቢ ካርታ ካለሽ ደግሞ ከመላክሽ በፊት በሚታተምበት ስፋት ወረቀት ላይ አትመሽ እዪው። ኤ3 ላይ የተሠራ ካርታ ወደ 85 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ዲፒአዩ ምንም ያህል ቢሆን የቀበሌዎቹ ስም አይነበብም።

3. ቴብል። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፤ እኔን ዋጋ ያስከፈለኝ ይኼ ነው።

ቴብሎቹን መጀመሪያ ከኤስፒኤስኤስ እንደ ምስል ገልብጬ ነበር የለጠፍኳቸው። ቴብል ምስል መሆን የለበትም፣ በዎርድ ቴብል መሠራት አለበት፤ ሦስተኛው መመለስ በዚህ ነው። ያኔ ተቀምጬ በእጄ ሠራኋቸው። ሌሊቱን ሙሉ ቢሮ አድሬ ነው። የሎጂስቲክ ሪግሬሽኑን ቴብል ስሠራ የእናቶች የትምህርት ደረጃ አራት መደብ ነበረው፦ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ፣ አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ኮሌጅና ከዚያ በላይ። አራት ረድፍ መክፈል ሲገባኝ አንድ ሴል ውስጥ አራቱንም በኢንተር እያወረድኩ ጻፍኳቸው። ከጎኑ ያለው የኤኦአር ሴል ውስጥም 1.00፣ 1.32፣ 2.41፣ 3.87 ብዬ እንዲሁ በኢንተር አወረድኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ሲታይ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ከመደቡ ጋር ፊት ለፊት ቁጭ ብሏል። ሪቪወሮቹም ምንም አላሉም፣ ጽሑፉ ተቀባይነት አገኘ።

ጆርናሉ ሲያሰናዳው ግን የመጀመሪያው ዓምድ ጠበበ። «ማንበብና መጻፍ የማይችሉ» የሚለው በእንግሊዝኛው ረጅም ስለነበረ ተሰብሮ ሁለት መስመር ሆነ። ከእሱ በታች ያሉት መደቦች ሁሉ አንድ መስመር ወረዱ። የኤኦአር ሴሉ ውስጥ ግን የሚሰበር ነገር ስላልነበረ ቁጥሮቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ስለዚህ 1.32 ከተሰበረው ሐረግ ሁለተኛ መስመር ፊት ለፊት ዋለ፣ 2.41 አንደኛ ደረጃ ላይ፣ 3.87 ሁለተኛ ደረጃ ላይ፤ ኮሌጅ ፊት ለፊት ባዶ ሆነ። ጽሑፌ «ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ እናቶች 2.41» ይላል፣ ቴብሉ ያንን ለአንደኛ ደረጃ ሰጥቶታል።

ከመታተሙ በፊት አይተህ አረጋግጥ ብለው የሚልኩትን ቅጂ፣ ፕሩፉን፣ በ48 ሰዓት መልስ ብለውኝ ነበር። ስሜንና የተቋሜን አድራሻ አየሁ፣ ቴብሎቹን በዓይኔ ገረፍ አድርጌ «ይሁን» ብዬ መለስኩ። ከታተመ በኋላ አንድ ተማሪ ከሌላ አገር ጻፈልኝ፦ ቴብሉና ጽሑፉ ለምን አይስማሙም? ስከፍተው እጄ ተንቀጠቀጠ። ማረሚያ እንዲወጣ ጠየቅሁ፤ ማረሚያው እስኪወጣ ሰባት ወር ፈጀ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ለእድገት ፋይሌን ያስገባሁበት ቢሮ ያለው ሰው ማረሚያ የወጣበትን ጽሑፍ አንይዝም አለኝ፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ። ማረሚያው የቴብል አሰላለፍ እንጂ የውጤት ስህተት እንዳልሆነ በደብዳቤ ብገልጽለት «መመሪያ ነው» አለ፤ መመሪያውን አሳየኝ ስለው ግን አላሳየኝም። በኋላ ኮሚቴው ተቀበለው፣ የእኔ አንድ ዓመት ግን ሄደ።

ስለዚህ አሁን ያንቺን ቴብል ክፈቺ። Home ውስጥ ያለውን የ¶ ምልክት ተጫኚ፣ ከዚያ ቴብሉ ላይ ሆነሽ Layout ውስጥ View Gridlines የሚለውን አብሪ። አንድ ሴል ውስጥ አንድ እንኳ ¶ ካየሽ በሽታው እሱ ነው። መደቦቹን ለየረድፋቸው ከፋፍዪ፤ አንድ ረድፍ፣ አንድ መደብ፣ ከጎኑ አንድ ዋጋ። በስፔስ ወይም በታብ የተገፋ ነገር ካለም አጥፊ። ኤኦአሩና ሲአዩ አንድ ሴል ውስጥ በአንድ መስመር ቢሆኑ ችግር የለም። ከዚያ መሞከሪያ ልስጥሽ፣ እኔ አሁን ሁሌ የማደርገው ነው፦ የመጀመሪያውን ዓምድ ይዘሽ ወደ ግማሽ አጥብቢው። ጽሑፉ ሲሰበር ቁጥሮቹ አብረውት ከወረዱ ቴብሉ ጤነኛ ነው። ቁጥሮቹ ቆመው ከቀሩ የእኔው ቴብል ነው።

የቀለምና የጥላ ነገርም አለ። ቢኤምሲ ቴብል ውስጥ ቀለምም ጥላም አይፈቅድም። ጉልህ የሆነውን ውጤት በቢጫ ቀብተሽው ከሆነ በኮከብ ምልክት ቀይሪውና የኮከቡን ትርጉም ከቴብሉ ሥር ጻፊ። የምሕጻረ ቃላቱ ፍቺም እዚያው ሥር ነው፤ ርዕሱ ከላይ አጭር ሆኖ ይቆይ። ቦታውን በተመለከተ ፕሎስ ዋን ቴብሉን መጀመሪያ ከጠቀስሽበት አንቀጽ ቀጥሎ ይፈልገዋል። ቢኤምሲ ከአንድ ገጽ ያነሰውን በቦታው፣ የበለጠውን ከሰነዱ መጨረሻ አስቀምጪ ይላል። የእናንተ ጆርናል ሌላ ከሆነ የራሱን ጋይድላይን እዪ፤ በቅርቡ ያወጣውንም አንድ ጽሑፍ አውርደሽ ከጎን አስቀምጪ።

4. ቁጥር አሰጣጥ። ቁጥሩ የሚሄደው ጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ነው። `Table 3` ከ`Table 2` በፊት ከተጠቀሰ ይመልሱታል። በእጅ አትቁጠሪ። References ውስጥ Insert Caption፣ ጽሑፉ ውስጥ ስትጠቅሺው ደግሞ እዚያው Cross-reference። ሪቪወር ቴብል 2ን ከ1 ጋር አዋህጂ ሲልሽ (ይላሉ፣ እኔን ብለውኛል) የሚቀረውን በCtrl+A እና F9 ያስተካክልልሻል። ከዚያ `Error!` የሚለውን ቃል ፈልጊ፤ ያጠፋሽውን ቴብል የሚጠራ ቦታ ካለ በዚህ ይታያል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ ምስሉ ተንሳፋፊ ከሆነ ዎርድ ካፕሽኑን በጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ያስገባዋል፣ ያኔ Ctrl+A አይደርስበትም። ምስሉን አስቀድመሽ In Line with Text አድርጊው። የመጨረሻውን ፋይል ስትልኪ ደግሞ ቅጂ አስቀምጪና በቅጂው ላይ Ctrl+A፣ Ctrl+Shift+F9 ተጫኚ፤ ቁጥሮቹ ተራ ጽሑፍ ይሆናሉ፣ የጆርናሉ ሲስተም ፒዲኤፍ ሲሠራ አይበላሹም።

ከዚያ ወዲህ አራት ጽሑፍ ልኬያለሁ፣ አንዱም በቴክኒክ አልተመለሰብኝም። ዲፓርትመንታችን ውስጥ ቴብል የሚያስቸግረው ሰው አሁን ላፕቶፑን ይዞ እኔ ጋ ነው የሚመጣው፣ ደስ ይለኛል።

ሲስተሙ ፋይሎችሽን አጣምሮ የሚሠራውን ፒዲኤፍ ሳታዪ ማረጋገጫውን አትጫኚ። ፕሩፍ ሲመጣልሽ ደግሞ ቴብሎቹን ብቻሽን አትዪ፤ አንድ ጓደኛሽ ከስታታ ወይም ከኤስፒኤስኤስ ውጤቱ ላይ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታንብብልሽ፣ አንቺ ፕሩፉ ላይ በጣትሽ ተከተዪ። እኔና ባለቤቴ አምስት ቴብል በአርባ ደቂቃ እንጨርሳለን። ግራፎችሽን ያወጣሽበት ዱ-ፋይል ከጠፋብሽ `.gph` የሚል ፋይል ኮምፒውተርሽ ላይ ፈልጊ፤ እሱ ካለ በ`graph use` ከፍተሽ ከላይ ባለው ትእዛዝ እንደገና ማውጣት ትችያለሽ።