ትኬቱ ላይ ያለው ሐሙስና የእኛ ሐሙስ

ጥያቄ፦ «እህቴ ወደ ዱባይ ልትሄድ ትኬት ተልኮላታል። ወረቀቱ ላይ THU 01:15 ይላል። ሐሙስ ቀን ነው ወይስ ሐሙስ ማታ? በእኛ ስንት ሰዓት ነው? እስከ አዲስ አበባ የምሸኛት እኔ ነኝ፤ ከሐዋሳ መቼ እንነሳ?»

ወንድሜ፣ ረቡዕ ጠዋት ከሐዋሳ ውጡ። ሐሙስ እስኪነጋ ከጠበቃችሁ አውሮፕላኑ ሄዷል። በረራው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ15 ነው፤ ሌሊቱም ረቡዕ መሽቶ ሐሙስ የሚነጋበት ሌሊት ነው።

ይህን በእርግጠኝነት የምነግርህ እዚሁ ሐዋሳ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ 11 ዓመት ስለሠራሁ ብቻ አይደለም። የእኔም ታላቅ እህት አውሮፕላን አምልጧታል፤ ያመለጣትም ትኬቱን እኔ አንብቤላት ነው። ትኬቷ SAT 00:50 ይል ነበር። ስድስት ጨምሬ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ50 ነው አልኳት፤ ሰዓቱን በትክክል ነው የቀየርኩት። ቀኑን ግን እንደተጻፈ ተውኩትና «ቅዳሜ ሌሊት» ብለን ተዘጋጀን። ዓርብ ማታ በሶና ዳቦ ቆሎ ስናሽግ አመሸን። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ጠጥቶ መረቃት፤ ከዚያ ተነሳን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የአየር ማረፊያው በር ስንደርስ ትኬቷን ያየው ጥበቃ ወረቀቱን መልሶ ሰጣትና «እህቴ፣ ይህ ትናንት ሌሊት የሄደ ነው» አላት። ቡና ስንጠጣ አውሮፕላኑ ከሄደ ብዙ ሰዓት ሆኖት ነበር። ቀኑን ለማስቀየር የከፈልነው እናቴ ለቤት ጣሪያ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ነገር ለያይተህ ቀይር፤ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ ቀኑን።

ሰዓቱ ቀላል ነው። እኛ የቀኑን 12 ሰዓት ከንጋት፣ የሌሊቱን 12 ሰዓት ከምሽት ጀምረን እንቆጥራለን። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ግን ከእኩለ ሌሊት ተነስቶ እስከ 24 ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው፤ ደቂቃው አይነካም። ከ07:00 እስከ 18:59 ድረስ የተጻፈ ከሆነ 6 ቀንስ። 08:30 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ 18:00 ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ከ19:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ቀንስ፤ 22:15 ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ነው። ከ00:00 እስከ 06:59 ከሆነ ደግሞ 6 ጨምር። የእህትህ 01:15 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ15 የሆነው በዚህ ነው። ባለ ዘንግ የእጅ ሰዓት ካለህ መደመርና መቀነስም አያስፈልግህም፤ ከቁጥሩ ትይዩ ያለውን ቁጥር አንብብ። የፈረንጁ 1 ትይዩ 7 ነው፣ የ3 ትይዩ 9 ነው። ቀን ይሁን ሌሊት ግን ዘንጉ አይነግርህም፤ ያንን ከትኬቱ ማየት አለብህ።

አንዳንድ ትኬት እስከ 24 አይቆጥርም፤ AM ወይም PM ብሎ ይጽፋል። እዚያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት 12:30 AM የሚለው ነው። ቁጥሩ 12 ስለሆነ ቀትር ይመስላል። አይደለም፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። የቀትሩ 12:30 PM ተብሎ ይጻፋል።

አሁን ቀኑ። ችግሩ ያለው ከ00:00 እስከ 05:59 ባሉት ስድስት ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ማለት ነው። ትኬቱ እኩለ ሌሊት ሲሆን ቀኑን ይቀይራል። እኛ ግን ተኝተን እስክንነሳ ድረስ ያው ረቡዕ ነው፤ «ረቡዕ ሌሊት» እንላለን። ስለዚህ ሰዓቱ በዚህ ክልል ውስጥ ከወደቀ፣ ከቤት የሚወጣበትን ቀን ከተጻፈው ቀን አንድ ወደ ኋላ መልሰህ አስብ። ከዚህ ክልል ውጭ ያለ ሰዓት ቀኑ እንደተጻፈው ነው፤ አትንካው።

አማርኛ ለዚህ ቃል አለው፤ «አጥቢያ»። «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ15» ብለህ ከተናገርክ ሾፌሩም እናትህም አንድ ሌሊት ነው የሚያስቡት። «ሐሙስ ሌሊት» ካልክ ግን ግማሹ ሰው የሐሙስን ማታ ይጠብቃል። እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ከዚህ ወደ ኋላ እንቁጠር። ለውጭ በረራ ከሦስት ሰዓት በፊት አየር ማረፊያ መገኘት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ረቡዕ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ቦሌ በሩ ላይ መሆን አለባችሁ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገድ ላይ ፍተሻ ይኖራል፣ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል፣ አዲስ አበባ መግቢያ ላይም መጨናነቅ አይጠፋም። እኔ ብሆን ረቡዕ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ገደማ ብትደርሱ እህትህ ምሳ በልታ፣ ጋደም ብላ፣ ሳትዋከብ ትሄዳለች። የሽኝቱን ቡና ማክሰኞ ማታ አድርጉት።

ለጠዋቱ መነሻ ስልክ ላይ ማንቂያ ስትሞላ ደግሞ ተጠንቀቅ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለመነሳት 11:00 ብለህ ከሞላህ የሚጮኸው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው። መሞላት ያለበት 05:00 ነው። ስልክህ በእኛ አቆጣጠር የሚያሳይ ሰዓት ቢኖረውም ማንቂያው በየትኛው እንደሚሠራ አስቀድመህ ለአምስት ደቂቃ በኋላ ሞልተህ ፈትነው።

በፀሐይም አትመራ። አቆጣጠራችን ከንጋት ቢነሳም 12 ሰዓት ሲሆን ሁልጊዜ ፀሐይ ወጥታለች ማለት አይደለም። እዚህ ሐዋሳ ግንቦት ላይ ከ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ አልፎ ትወጣለች፤ በጥር መጨረሻ ግን ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን ትዘገያለች። በጥር «ገና አልነጋም» ብሎ የተኛ ሰው ግማሽ ሰዓት በላይ ሊያልፍበት ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ለእናትህ ይጠቅማል። መነሻው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ መድረሻው በዱባይ ሰዓት ነው የሚጻፈው፤ ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። መድረሻው 06:20 ቢል መጀመሪያ አንድ ቀንስና 05:20 አድርገው፤ ከዚያ ስድስት ጨምር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ20 ይሆናል። አውሮፕላኑ አርፎ ፓስፖርትና ሻንጣ እስኪያልቅ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይወስዳል። እናትህ የስልኩን ድምፅ ሐሙስ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት አትጠብቅ፤ እስከዚያ ብትዘገይ አትደንግጥ።